መቀርቀሪያው

የመጀመሪያ አጭር ፊልሜን ስጽፍ ሐዘን በስሜት ቃል ሳይሆን በሚታይ ድርጊት እንደሚጻፍ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አንድ ሙሉ የቀረጻ ሌሊት ባልከሰርኩ።

ታሪኩ አጭር ነው። አንድ አባት ወጣት ልጁ ይሞትበታል። የለቅሶውን ትዕይንት በአንድ ቀን ጨረስኩት። ድንኳን፣ ንፍሮ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች፤ እሱ አያስቸግርም። የጣለኝ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ያለው ሌሊት ነው። እንዲህ ጻፍኩ፦

«አባት በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ልጁን እያስታወሰ ልቡ በሐዘን ተሰብሯል።»

ሲነበብ ያምር ነበር። ቀረጻ ላይ ተዋናዩ ወረቀቱን አየና «እሺ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። መልስ የለኝም። «እዘን» አልኩት። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ምስኪኑ አቀረቀረ፣ ፊቱን ሸፈነ፣ ዓይኑን አሸ። ስምንት ጊዜ ቀረጽነው። ኤዲቲንግ ላይ ፕሮዲውሰሩ ሳያማክረኝ ቮይስ ኦቨር ጨመረበት፤ «ልጄ፣ ምነው ጥለኸኝ ሄድክ» የሚል። እስካሁን አልበረደልኝም። ግን ቀዳዳውን የተውኩለት እኔ ነኝ። ማስታወስ በካሜራ አይታይም።

ድጋሚ ስጽፍ «ምን ይሰማዋል?» ማለቱን ተውኩት። «ልጁ በነበረ ጊዜ በዚህ ሰዓት ምን ያደርግ ነበር?» አልኩ። ልጁ አምሽቶ ይገባል፤ አባት የግቢውን በር ሳይቀረቅር ይጠብቀዋል። በቃ፣ እጁ የሚሠራው ነገር አገኘሁ።

«ውጪ። ግቢ። ሌሊት።

አባት ጋቢውን ደርቦ ወደ በሩ ይሄዳል።

መቀርቀሪያውን እስከ ግማሽ ይገፋዋል።

ከውጭ የእግር ኮቴ። እጁ ይቆማል።

ኮቴው በሩን አልፎ ይርቃል።

መቀርቀሪያውን መልሶ ይስበዋል። በሩን ሳይቆልፍ ወደ ቤት ይገባል።»

ለጓደኛዬ አሳየሁት። «ሽማግሌው መቆለፍ ረሳ እንዴ?» አለኝ። ተናደድኩ፤ ግን ልክ ነበር። ልማዱን ተመልካቹ ቀድሞ አላየውም። ስለዚህ ገጽ 2 ላይ ሦስት መስመር ጨመርኩ፦ ልጁ አምሽቶ ይገባል፤ መቀርቀሪያው ቋ ይላል፤ አባት አልጋው ላይ ሆኖ ይህን ሰምቶ መብራቱን ያጠፋል። አሁን የሐዘኑ ሌሊት ላይ የመኝታ ቤቱ መብራት እስኪነጋ ሳይጠፋ ማደሩ ብቻ ይበቃል።

ድርጊትን አሳጥራችሁ ጻፉ ይባላል። እዚህ ቦታ ላይ አልስማማም። የስክሪፕት አንድ ገጽ ፊልሙ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ይህን ሁሉ በሁለት መስመር ብጨምቀው ዳይሬክተሩ በዐሥር ሰከንድ ያልፈዋል። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የራሱን መስመር ስሰጠው ግን ዝምታው ጊዜ ያገኛል። «ሐዘን» የሚለውን ቃል ደግሞ ከድርጊት መስመሮቼ እየፈለግኩ እሰርዛለሁ። እንባም ሰረዝኩ፤ ድንኳኑ ውስጥ በቂ ተለቅሷል።

በራሴ ገንዘብ ድጋሚ ቀረጽነው። ተዋናዩ ወረቀቱን አንብቦ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «መቀርቀሪያውን ስመልሰው ድምፅ ይኑረው ወይስ ቀስ ልበል?»