ከአውሮራ እስከ ዲንሾ

ሰሞኑን ቤታችን ውስጥ ወሬው ሁሉ ትኬትና ሻንጣ ሆኗል። ሐምሌ ላይ ዲንሾ ልንሄድ ነው። እማዬ፣ ባሌ፣ ሁለቱ ልጆችና እኔ። ዲንሾን ለማታውቋት፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ላይ ያለች ትንሽዬ ከተማ ናት፤ ከፍታዋ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እማዬ ተወልዳ ያደገችው እዚያ ነው። እኛ ያለነው ደግሞ ኮሎራዶ፣ አውሮራ።

ለገና ብንሄድ እንዴት ደስ ባለን። ግን የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ለፈረንጆቹ ገና ነው፤ የኛ ገና ሲደርስ ክፍል ገብተዋል። ስለዚህ ዝናብም ቢሆን ክረምት ነው የምንሄደው።

መጀመሪያ ትኬት የሚቆርጥልን ሰው አንድ የሚያጓጓ ሐሳብ አመጣ። ከዴንቨር ፍራንክፈርት በአንድ ትኬት፣ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ደግሞ በሌላ ትኬት። ለአምስታችን ወደ 1,100 ዶላር ይቀንሳል። ፍራንክፈርት ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ስለምንጠብቅ ባሌ ገና ካሁኑ ከተማ ወጥተን የት ምሳ እንደምንበላ መፈለግ ጀመረ። እኔ ግን እማዬን አሰብኩ።

እኛ አራታችን የአሜሪካ ፓስፖርት አለን። እማዬ ግን የያዘችው የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ጀርመን ላይ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳን የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። ጊዜው ያላለፈበት ግሪን ካርድ ካለው ግን ያ ቪዛ ይቀርለታል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ችግሩ ይህ የሚሠራው ከትራንዚቱ ክልል እስካልወጣች ድረስ ብቻ መሆኑ ነው። ትኬቱ ሁለት ከሆነ ደግሞ ሻንጣው ፍራንክፈርት ላይ ሊወርድ ይችላል፤ እሱን ለመረከብና እንደገና ለማስመዝገብ በኢሚግሬሽን አልፎ ጀርመን መግባት ያስፈልጋል። ለዚያ የሸንገን ቪዛ ሊኖራት ይገባል። የላትም። አየር መንገዱም ይህን ስለሚያውቅ ገና ዴንቨር ላይ «እሳቸው አይሳፈሩም» ሊል ይችላል። በ1,100 ዶላር እማዬን ዴንቨር ላይ ጥዬ መሄድ! ባሌም ምሳውን ረሳው።

ሌላም አለ። ትኬቱ ሁለት ሲሆን የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጠን፣ ሁለተኛው አየር መንገድ አያገባውም። «አልቀረባችሁም» ብሎ ይዘጋዋል፤ የአምስት ሰው ትኬት እዚያው በዋጋው መግዛት ነው። በአንድ ትኬት ከሆነ ግን በሚቀጥለው በረራ የማሳፈሩ ኃላፊነት የነሱ ነው።

ስለዚህ በአንድ ትኬት በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል እንሄዳለን። እሱም የራሱ ጣጣ አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከደለስ የሚነሳው ረፋድ ላይ ነው፤ ዴንቨር በሰዓት ሁለት ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች በዚያው ጠዋት ተነስቶ መድረስ አይቻልም። የሌሊቱን በረራ ይዘን ንጋት ላይ ደለስ እንደርሳለን፣ ከዚያ ጥቂት ሰዓት ወንበር ላይ እንንከባለላለን፣ ከዚያ 13 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ። ሻንጣው ከዴንቨር እስከ ቦሌ ታግ ይደረጋል፤ እማዬም ማንም ምንም አይጠይቃትም።

አዲስ አበባ የምናርፈው ጠዋት ነው። እዚህ ላይ ከአጎቴ ጋር ትንሽ ተነታረክን። እኔ በዚያው ቀን ጉዞ እንቀጥል ባይ ነበርኩ። «አንቺ ልጅ፣ ሻንጣ ስትጠብቂ፣ መኪና ስትጭኚ፣ ከከተማ ስትወጪ እኩለ ቀን ይሆናል» አለኝ። «አዳባ ላይ ይመሽባችኋል። ከአዳባ ዲንሾ ያለውን ዳገት በክረምት ጉም በማታ አትወጡትም።» እውነቱን ነው። በኛ አገር በጋም ሆነ ክረምት ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ በኋላ ብርሃን የለም፣ ኮሎራዶ በሐምሌ እንደለመድነው ረጅም ምሽት የለም። ከብቱ አስፋልት ላይ ነው፣ ጋሪው መብራት የለውም። አዲስ አበባ እናድራለን።

የአገር ውስጥ በረራውንም አሰብነው። ከአዲስ አበባ ሮቤ ይበራል፤ ከሮቤ ዲንሾ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከውጭ ለገባ ሰው የአገር ውስጡ ዋጋ ይቀንሳል። ግን ከአሜሪካ ስንነሳ ለያንዳንዳችን ሁለት ሁለት 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቀድልናል። ያ ማለት አሥር ሻንጣ ነው። ትንሿ የፕሮፔለር አውሮፕላን ይህን ሁሉ አትሸከምልንም፤ የተረፈው ለብቻው በመኪና መሄዱ አይቀርም። እማዬን ብቻ በአውሮፕላን፣ እኛ ከሻንጣው ጋር በመኪና ብንል ደግሞ «መንገዱን ሳላይ ምን ልሠራ ነው የምሄደው?» ብላ ተቆጣች። ተወሰነ። ሃይሩፍ ከነሹፌሩ እንከራያለን።

መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በፈጣኑ መንገድ ሞጆ፣ ከዚያ በመቂና በባቱ አድርጎ ሻሸመኔ። እዚያ ምሳ። ከሻሸመኔ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ቆፈሌ፣ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ከዚያ ዳገቱ። ሌላው በአዳማ፣ በአሰላና በበቆጂ ዞሮ ዶዶላ ላይ የሚገናኘው ነው። የቱን እንደምንይዝ የሚወስነው አጎቴ ነው፤ በዋዜማው ማታ ሹፌሮችን ጠይቆ ይነግረናል፣ የመንገድ ነገር ከወር በፊት አይታወቅም። ካርታው የሚነግረኝን ሰዓት አላመንኩትም። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከተነሳን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እንገባለን ብዬ ነው የያዝኩት፤ የእማዬ እግር ስለሚያብጥ በየሁለት ሰዓቱ ወርዳ መራመድ አለባት።

ለሹፌሩ ሰዓቱን ስነግር ሁልጊዜ «ንጋት» የምትለዋን ቃል እጨምርባታለሁ። እኛ ስልካችን ላይ 6:00 ነው የምናየው። ለሹፌሩ 6 ሰዓት ካልኩት ምሳውን በልቶ ነው የሚመጣው።

ለከፍታውም አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ማደሩ ይረዳል። አውሮራ ወደ 1,650 ሜትር ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ፣ ዲንሾ ደግሞ ከሁሉም በላይ። የእማዬ ሐኪም የደም ግፊት መድኃኒቷን በእጅ ቦርሳ እንድትይዝ፣ ዲንሾ የገባች ቀን ብዙ እንዳትራመድ ነግሯታል። ሁለተኛውን የምትሰማው አይመስለኝም። ቤት ለቤት ልትዞር ነው።

ሲመለሱ ደግሞ በበረራው ቀን ከዲንሾ መነሳት የለም። ሁለት ቀን ቀድመን እንወርዳለን፤ አንድ ጎማ ቢፈነዳ፣ አንድ መንገድ ቢዘጋ የምናጣው አንድ ቀን እንጂ በረራውን አይሆንም። ከአዲስ አበባ አሜሪካ የሚሄደው አውሮፕላን መሀል ላይ ነዳጅ ሊሞላ እንደሚያርፍም ለልጆቹ ካሁኑ ነግሬያቸዋለሁ። ቦሌ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ከነመንገደኛው ተሸክሞ ከዚያ መነሳት ይከብደዋል። ትንሹ «ታዲያ ለምን ሲሄድ አላረፈም?» አለኝ። ደለስ ዝቅ ያለች ናት አልኩት፣ ገባው።

አሁን የቀረው ሻንጣ ማደል ነው። ከአሥሩ ስድስቱን እማዬ ይዛቸዋለች፤ ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ ለማን እንደሆነ የማላውቀው መነጽር ሁሉ ገብቶባቸዋል። ቤት ውስጥ ደፍሮ ያነሳው ሰው እስካሁን የለም።