"አቡሽ፣ ምጣ!"

ወንድሜ ባለፈው እሁድ ከብቸና ደወለልኝ። እሱ ቀድሞ ወደ አሜሪካ ሊመጣ፣ ልጆቹን ደግሞ ከስድስት ዓመት በኋላ ሊያስመጣ አስቧል። ትልቁ አሁን 12 ዓመቱ ነው፤ ትንሿ 5። "የልጆቹ ቋንቋስ?" አልሁት። "አንቺ ደግሞ! ልጆች አይደሉ እንዴ? በሦስት ወር ይለቅሙታል። ባይሆን ሰዋስው የሚያስጠናቸው ሰው እቀጥራለሁ" አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ለሚያስቡ ሁሉ ነው።

መጀመሪያ እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። አሜሪካ የገባሁት በ27 ዓመቴ ነው። የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። ተረኛ ስትቀየሩ ስለ እያንዳንዱ አዛውንት ውሎ ጽፋችሁ ታስረክባላችሁ። አንድ ቀን ቁርስ እንቢ ስላሉ ሴትዮ "ሺ ዶንት ኢት" ብዬ ጻፍሁ። አለቃዬ ሰው ሁሉ ባለበት ጮክ ብላ አነበበችውና "ይህንን ልጅ እንኳ አይጽፈውም" አለች። እንባዬን ዋጥ አድርጌ ወጣሁ።

ማታ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው ልጄ ሰማች። ያኔ 6 ዓመቷ ነው። "እማ፣ 'ሺ ደዝንት ኢት' ነው የሚባለው" አለችኝ። "ለምን?" አልኋት። ትንሽ አሰበች። "በቃ እንደዚያ ነው የሚባለው" አለች።

እኔ ግን ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ብቸና 7ኛ ክፍል ሳለሁ "ሂ፣ ሺ፣ ኢት ሲሆን ኤስ ይጨመራል" የሚለውን ሕግ ተምሬያለሁ፤ ፈተናውንም ደፍኜዋለሁ። ዛሬ በእንቅልፌ ብትጠይቁኝ እመልሰዋለሁ። እሷ ሕጉን አታውቀውም፣ አፏ ግን አይስትም። እኔ ሕጉን አውቀዋለሁ፣ አፌ ግን ይስታል። ይህ ነገር ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል። ማንበብ የጀመርሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ የገባኝ ግን በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ልጄ 4 ዓመት ሲሆናት ለክረምት እናቴ ዘንድ ብቸና ወስጃት ነበር። እቤት የሚያወራት እኔና አባቷ ብቻ ስለሆንን "ነይ" ስትባል ነው ያደገችው። ወንድ ልጅ ጠርታ አታውቅም። አንድ ቀን ዝናቡ አባርቶ፣ ግቢው ጭቃ ብቻ ሆኖ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ የእህቴን ልጅ ተጣራች።

"አቡሽ፣ ምጣ!"

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እናቴ መደቡ ላይ ጥጥ እየፈተለች ነበር። "ምጣ አይባልም፣ የኔ እመቤት። ና ነው የሚባለው። በይ እስቲ፣ ና።"

"ና" አለች ልጄ።

"ጎሽ! በይ አሁን ጥሪው።"

"አቡሽ፣ ምጣ!"

እናቴ እንዝርቷን አስቀምጣ ሦስት ጊዜ ደጋገመችላት። ሦስቱንም ጊዜ "ና" በይ ስትባል "ና" ትላለች፤ መጥራት ሲመጣ "ምጣ"።

እስቲ አስቡት፣ ይህን ቃል ከማን ሰማችው? በጎጃምም ሆነ በሸዋ፣ ሰውን ለመጥራት "ምጣ" የሚል አዋቂ የለም። ስለዚህ ከሰው አልቀዳችውም። ራሷ ሠራችው። እንዴት እንደሠራችው ደግሞ መከተል ይቻላል። አቡሽና ጓደኞቹ ሲጫወቱ "አትሂድ"፣ "ሂድ" ይባባላሉ። "አትቁም"፣ "ቁም"። "አትብላ"፣ "ብላ"። ፊት ላይ ያለውን "አት" ስታነሡት ትእዛዙ ይቀራል። "አትምጣ" ሲባልም ሰምታለች። ታዲያ "አት" ሲነሣ ምን ይቀራል? "ምጣ"! ስሌቷ አንድም እንከን የለበትም። ያፈነገጠው አማርኛው ነው፤ መጣ የሚለው ግሥ ትእዛዝ ላይ ሲደርስ ዘመድ ያልሆነውን "ና" ይዋሳል። ልጆች በእንግሊዝኛም "ዌንት" በማለት ፈንታ "ጎድ" የሚሉት በዚሁ መንገድ ነው። ስሕተቱ ሕግ ማግኘታቸውን የሚያሳይ ምልክት ነው።

እርማቱም የማይገባው ለዚህ ነው። ልጅ የሚሰማው ነገሩን እንጂ የቃሉን ቅርጽ አይደለም። ደግሞ ወላጅ ብዙውን ጊዜ አያርምም። ሮጀር ብራውን የተባለ የሃርቫርድ ተመራማሪ ልጆችና እናቶች የሚያወሩትን ቀድቶ ሲመረምር፣ እናቶች የሚያርሙት ውሸት የሆነውን ነገር እንጂ ሰዋስዉ የተዛባውን እንዳልሆነ አይቷል። የእኔ እናትም እንደዚያው ናት። ልጄ "ላሟ ወለደ" ብትላት "ኧረ ገና ናት፣ ለመስከረም ነው" ትላለች እንጂ "ወለደች በይ" አትልም።

ከዚያስ? ማንም ምንም አላደረገም። ልጄ ቀኑን ሙሉ ከአቡሽ ጋር ዋለች። አንድ ሰሞን "ና"ም "ምጣ"ም ይቀላቀልባት ነበር። ወደ መጨረሻው አካባቢ "ምጣ" ሳንሰናበታት ጠፋች።

ዋሸራ ቅኔ የተማረ አጎት አለን። ይህን ስነግረው እንዲህ አለኝ። "ግዕዝን ግሡን አንድ ባንድ ቆጥሬ፣ እርባ ቅምሩን ስወጣ ስወርድ ዓመታት ፈጀሁበት። አማርኛን ግን ማን አስተማረኝ? እናቴ ፊደል አትቆጥርም ነበር።" ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ግዕዝን አፉን የሚፈታበት ልጅ ዛሬ የለም። ስለዚህ የሚገባው በሕግ በኩል ነው፤ እኔም እንግሊዝኛን የተማርሁት እንደ ቅኔ ቤት ነው።

እናንተም ያልተማራችሁትን ሕግ ታውቃላችሁ። አማርኛ የምትለማመድ የሥራ ባልደረባ ነበረችኝ። አንድ ቀን "ያልመጣም ሰው" አለችኝ። "ም የለውም፣ ያልመጣ ሰው ነው" አልኋት። "አልመጣም ስትሉ ም አላችሁ። የት ሄደች?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ያቺ "ም" የምትቆመው ዓረፍተ ነገሩን በሚዘጋው ግሥ ላይ ብቻ ነው። "አልበላም" እንላለን፤ "ያልበላ"፣ "ካልበላ" ሲሆን ትወድቃለች። ይህን ለእኔ የነገረኝ ሰው የለም፤ ተሳስቼ ስል ግን ራሴንም ሰምቼው አላውቅም።

ታዲያ ይህ ችሎታ እስከ መቼ ይቆያል? ኤሪክ ሌነበርግ የተባለ ሰው በ1967 (በፈረንጅ) ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቋንቋ እንዲሁ በመስማት ብቻ የሚያዝበት ዘመን ከሁለት ዓመት ገደማ እስከ ጉርምስና ድረስ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ሰው የሚማረው በድካምና በትምህርት ነው የሚል አሳብ ነው። ክርክሩ እስካሁን አላለቀም።

እኔን የነካኝ ግን በ1989 ጆንሰንና ኒውፖርት የሠሩት ጥናት ነው፤ ስለ ስደተኛ ነውና። አሜሪካ የገቡ 46 ቻይናውያንና ኮሪያውያን ሰበሰቡ። ሲገቡ ትንሹ 3 ዓመቱ ነበር፣ ትልቁ 39። ሁሉም ዓመታት ኖረውበታል። 276 ዓረፍተ ነገር አሰሟቸውና "ትክክል ነው ወይስ አይደለም?" አሏቸው። ለምሳሌ ገበሬው ከገበያ "ቱ ፒግ" ገዛ የሚል ነበረበት፤ "ፒግስ" መባል ሲገባው። እስከ 7 ዓመት ድረስ የገቡት እዚያው ከተወለዱት አልተለዩም። ከ8 ጀምሮ ውጤቱ በዕድሜ ልክ ዝቅ እያለ ሄደ። አዋቂ ሆነው የገቡት ዘንድ ግን ዕድሜ መለኪያ መሆኑ ቀረ፤ አንዱ ጥሩ፣ ሌላው ደካማ።

ከሁሉ የገረመኝ የትኛው እንደሚስት ነው። የቃላት ቅደም ተከተል ላይ አርጅቶ የገባውም ደህና ነው። የሚያንሸራትተው "ዘ" እና "ኤ" የት እንደሚገቡ፣ የብዙ ቁጥሯ "ኤስ"፣ እነዚያ ጥቃቅኖቹ ናቸው። ይህን ሳነብ የእኔን የሥራ ማስታወሻ ያነበብሁ መሰለኝ።

በ2018 ደግሞ ወደ 670,000 ሰው በኢንተርኔት ፈተና ወስዶ የተሠራ ጥናት ወጣ። ችሎታው እስከ 17 ዓመት ገደማ ብዙም አይቀንስም ይላል። ግን ለመብሰል ዓመታት ስለሚፈልግ፣ እንደ አገሬው ለመሆን ከ10 ወይም ከ12 ዓመት በፊት መጀመር ያስፈልጋል። ቁጥሩ ላይ የሚከራከሩ ተመራማሪዎች አሉ። "በልጅነት የጀመረ ይሻላል" የሚለው ላይ ግን ጠብ የለም።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እንደ አሳብህ ከሆነ ትልቁ የሚመጣው በ18 ዓመቱ ነው። ትንሿ በ11። ሰው የሚጨነቀው ለትንሿ ነው፤ ሰዓቱ የሚሮጠው ግን በትልቁ ላይ ነው። ከቻልህ እሱን አስቀድም። አስጠኚ የምትቀጥርበትን ገንዘብ ለራስህ አድርገው፤ ሕግ ማጥናት የሚጠቅመው ለእኔና ለአንተ ነው። ልጅ የሚፈልገው አብሮት የሚጫወት አቡሽ ነው። ደግሞ በ18 የመጣ አለቀለት ማለት አይደለም። ቃል የመልቀም በር አይዘጋም፤ መጀመሪያዎቹ ወራት ላይ እንዲያውም ትልልቆቹ ከሕፃናት ይፈጥናሉ። የሚከብደው መጨረሻው ነው፤ እነዚያ ጥቃቅኖቹ።

ለትንሿ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በ2003 የወጣ ጥናት አለ። ከ3 እስከ 8 ዓመታቸው መካከል በማደጎ ከኮሪያ የተወሰዱ ስምንት ሰዎችን ሲያድጉ ፈተኗቸው። የኮሪያን ዓረፍተ ነገር ከሌላ የማያውቁት ቋንቋ መለየት አቃታቸው። የእናት ቋንቋ ነው፣ የትም አይሄድም አትበል። እቤት በአማርኛ ሳታሰልስ ካላወራሃት ይሄዳል።

ልጄ አሁን 10 ዓመቷ ነው። በየእሁዱ ከእናቴ ጋር ታወራለች። በቀደም "እማማ፣ ክረምት ካልመጣሽ እኔ እመጣለሁ" አለቻት። እናቴ በደስታ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነገር ነው። "ካልመጣሽ" ላይ "ም" የለችም።