«በጎቹን አስገቧቸው» ያለኝ ልጅ፦ ሰመራ ላይ ከሙቀት ጋር

ሰመራ አንድ የህንፃ ሳይት ላይ ፎርማን ነበርኩ፣ ወሩ ሰኔ፣ ጥላ ስር ራሱ ከ40 ዲግሪ በላይ። ፌሮ የሚያስሩ ስድስት ልጆች ከደሴ ማታ ገቡ፣ እኔም በማግስቱ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ አሰማራኋቸው። ጥፋቱ የኔ ነው። ከደጋ የመጣ ሰውነት ቶሎ ማላብን፣ ከላቡ ጋር የሚወጣውን ጨው መቆጠብን የሚለምደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ ጉልበታም መሆን አያሳጥረውም።

በሁለተኛው ቀን አንዱ አዞረኝ ብሎ ቁጭ አለ፣ አስመለሰው፣ ሸሚዙ በላብ ይጠመዘዛል። ስሙን፣ ቀኑን፣ የት እንዳለ ስጠይቀው ግን ጥርት አድርጎ መለሰልኝ። ጥላ ውስጥ አጋድመን እግሩን ከፍ አድርገን ኦአርኤስ ትንሽ ትንሽ አስጎነጨነው፣ ሰዓት ሳይሞላ ተሻለው። ይሄ በሙቀት መዛል ነው።

በሶስተኛው ቀን ሌላኛው ፒንሳውን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመና «በጎቹን አስገቧቸው፣ ዝናብ መጣ» አለ። ልጆቹ ሳቁ። ወዲያው ወደቀና ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ አንዱ የሚጥል በሽታ መስሎት ክብሪት ጭሮ ሊያሸተው፣ ሌላው ውሃ አፉ ውስጥ ሊያንቆረቁር (ራሱን ያላወቀ ሰው እኮ ውሃው ሳንባው ውስጥ ነው የሚገባው)። «ፀሐይ የመታው ሰው ይደርቃል፣ ይሄ እያላበው ነው» ያሉም ነበሩ፣ እኔም ለትንሽ ተሸወድኩ። ስራ ላይ እያለ የተመታ ሰው እያላበውም ይመታል፣ መለያው ላቡ ሳይሆን አእምሮው ነው፣ ከዘባረቀ፣ ምላሱ ከተሳሰረ ወይ ከተንቀጠቀጠ ያ ሰው ሊሞት ይችላል።

ሹፌሩ ቶሎ እንጫነው ይላል፣ ስልክ የደወልኩላት ነርስ ግን መጀመሪያ አቀዝቅዙት አለችኝ። የሮቶው ውሃ ፀሐይ ስላፈላው ከጎን ካለው ሱቅ ፍሪጅ ያለውን ውሃና በረዶ ጠራርገን አመጣን፣ ልብሱን አውልቀን አንገቱን ብብቱን ሁለመናውን እያራስን በካርቶን አራገብነው። ለማቀዝቀዝ ያለህ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዛ በላይ ሲቆይ አንጎልና ኩላሊት ይጎዳል። አይኑን ገልጦ ማን እንደሆንኩ ሲነግረኝ ነው መኪና ላይ ያወጣነው።

ከዛ ወዲህ አዲስ ሰው የመጀመሪያ ቀን ከስራው አንድ አምስተኛውን ብቻ ፀሐይ ላይ ይሰራል፣ የቀረውን ጥላ ስር ብረት ያጥፋ፣ በየቀኑ ያንኑ ያህል እየጨመርን በአምስተኛው ቀን ሙሉ ይሆናል። ኮንትራክተሩ «በቁጭ በሉ ልትጨርሰኝ ነው» ብሎ ተጨቃጭቆኛል። ስራ የምንጀምረው ለሊት 11 ሰዓት ነው። ውሃ ጥሙን ሳንጠብቅ በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ በሰዓት ከሊትር ተኩል ሳያልፍ፣ ምክንያቱም ባዶ ውሃ ብቻ መጋት የደሙን ጨው ያቀጥነዋል። ቁርስ የዘለለ ሰው ፀሐይ ላይ አይወጣም።

ልጁ ደሴ ወር አርፎ ሀኪም ሲፈቅድለት ተመለሰ። እንደ አዲስ ከአንድ አምስተኛ አስጀመርኩት፣ «እኔ ደግሞ አዲስ ነኝ እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ፣ በወር ውስጥ ሰውነቱ የለመደውን ረስቷልና አዎ አልኩት።