ሁለቴ ዕጣ የወጣላት ጎጥ

ጎንደር ዙሪያ ለምንሠራው የቤተሰብ ጥናት ናሙና የምናወጣበት ቀን ነበር። ከስምንት ጎጦች ሦስት እንመርጣለን፣ ከዚያ በእያንዳንዱ የተመረጠ ጎጥ 20 ቤት እንጠይቃለን። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ስለሆነ በእሱ መተማመን አልተቻለም። የቤቱን ብዛት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መዝገብ ወሰድን። ቁጥሮቹን እዚህ ለስሌት እንዲመቹ አቅልያቸዋለሁ።

ጎጦቹን ለምን እንደ ሎተሪ ዝም ብለን አናወጣም? ትልቋ ጎጥ 640 ቤት አላት፣ ትንሿ 80። እኩል ዕጣ ብንጥልና ከሁለቱም 20 ቤት ብንወስድ፣ በትንሿ ያለ ቤት የመጠየቅ ዕድሉ ወደ 1 ከ11 ይደርሳል። በትልቋ ያለው ግን 1 ከ85 አካባቢ ነው። ስለዚህ ለጎጦቹ እንደ ቤታቸው ብዛት ዕድል እንሰጣለን። ብዙ ቤት ያላት ብዙ ቲኬት ይዛ ትገባለች ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቤቶቹን እየደመርን እንወርዳለን፦

1ኛ ጎጥ፦ 120 ቤት፣ ድምር 120
2ኛ፦ 310፣ ድምር 430
3ኛ፦ 90፣ ድምር 520
4ኛ፦ 640፣ ድምር 1160
5ኛ፦ 150፣ ድምር 1310
6ኛ፦ 200፣ ድምር 1510
7ኛ፦ 80፣ ድምር 1590
8ኛ፦ 210፣ ድምር 1800

1800ን ለ3 ስናካፍል 600 ይሆናል። ይሄ ርቀታችን ነው። ከ1 እስከ 600 ባለው ውስጥ አንድ ቁጥር በዕጣ እናወጣለን፣ ከዚያ 600፣ 600 እየጨመርን እንሄዳለን። ዳታ የሚይዝልን ልጅ ኤክሴል ላይ `=RANDBETWEEN(1,600)` ጻፈ። 547 ወጣ።

547 ከ521 እስከ 1160 ውስጥ ነው፤ አራተኛዋ ጎጥ። 600 ሲጨመር 1147 ይመጣል፤ አሁንም አራተኛዋ! ቀጥሎ 1747፤ ስምንተኛዋ።

«ጋሼ፣ ይሄማ ተበላሽቷል። አንዷን ጎጥ ሁለቴ አወጣት። ሁለተኛውን ዕጣ ትተን አምስተኛዋን ጎጥ እንውሰድ?» አለ ልጁ።

አስተባባሪያችን ሳቅ አሉ። «ምኑ ተበላሸ? ሠርቷል እንጂ» አሉት።

እውነታቸውን ነው። 640 ከ600 ስለሚበልጥ ያቺ ጎጥ ቢያንስ አንዴ መውጣቷ የማይቀር ነበር። መነሻው ከ521 እስከ 560 ከሆነ ደግሞ ሁለቴ ትመታለች። ያ 40 ዕድል ከ600 ነው፣ ማለትም 1 ከ15። ሁለተኛውን ዕጣ ብንሰርዘው የትልቋን ጎጥ ቤቶች ድርሻ እንቀማለን። አምስተኛዋም በዕጣ ያላገኘችውን ቦታ በእኛ ፈቃድ ታገኛለች። ትክክሉ ከአራተኛዋ 40 ቤት መጠየቅ ነው፤ በእያንዳንዱ ዕጣ 20። ሌላም መንገድ አለ፦ ትልቋን አስቀድሞ በእርግጠኝነት ማስገባትና የቀሩትን 1160 ቤቶች ለ2 ዕጣ በ580 ርቀት ማውጣት። ያኔ ግን ትልቋ ጎጥ የራሷ ስሌት ይኖራታል። ይህም የሚወሰነው ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ነው። ውጤቱን አይቶ ደንብ መቀየር ያው ማጭበርበር ነው፣ ክፋት ባይኖርበትም።

ልጁ ግን በቀላሉ አልተረታም። «ታዲያ የሁሉም ቤት ዕድል እኩል መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስምንተኛዋን ወስደን አሰላንለት። የመመረጥ ዕድሏ 3 × 210 ÷ 1800 = 0.35 ነው። በውስጧ ላለ ቤት 20 ÷ 210። ሁለቱ ሲባዙ 1 ከ30 ይሆናል። ለማንኛዋም ጎጥ ብታሰላው የቤቱ ብዛት ከላይና ከታች ይሰረዝና 1 ከ30 ይቀራል። ለአራተኛዋም በአማካይ 640 ÷ 600 ዕጣ ስለሚደርሳት ሒሳቡ ያው ነው።

ዋናው ጣጣ የመጣው ሜዳ ስንወርድ ነው። ቤት ለቤት እየዞርን ስንመዘግብ ስምንተኛዋ 210 ሳይሆን 280 ቤት ሆና ተገኘች። መንገድ ዳር ስለሆነች ሰው ሰፍሮባታል። ልጁ 210ን አጥፍቶ 280 ሊጽፍ ሲል አስተባባሪያችን እጁን ያዙት።

ዕጣው የወጣው በ210 ነው። ስለዚህ 0.35 አይነካም፣ የድሮ መዝገቡ ስህተት ቢሆንም። አዲሱ ቁጥር የሚገባው በሁለተኛው ደረጃ ነው፦ 20 ÷ 280። ሲባዙ 1 ከ40 ይመጣል። እዚያ የተጠየቀ ቤት ስንመዝነው 30 ሳይሆን 40 ቤት ይወክላል። ይህን ትቶ ሁሉንም በ30 ማባዛት የአዲሶቹን ሰፋሪዎች ድምፅ ያሳንሳል። ያለ ክብደት ተራ አማካይ መውሰድም እንዲሁ። እነሱ ደግሞ ከነባሩ ሰው በኑሮ ሊለዩ ይችላሉ።

ከዚያ ወዲህ ፋይላችን ሁለት ዓምድ አለው። አንዱ «ዕጣ የወጣበት ብዛት» ይላል፤ ተቆልፏል። ሌላው «ሜዳ ላይ የተገኘ ብዛት» ነው። ሁለቱ በጣም የተራራቁባት ጎጥ ስትገኝ መጀመሪያ የምናጣራው ድንበሯን ነው። ብዙ ጊዜ መዝጋቢው የጎረቤት ጎጥ ቤቶችን አብሮ ቆጥሮ ይገኛል።