ሌባው ረዳቱ ሳይሆን የራሴ ሒሳብ ነበር

አንድ ረዳት በሌብነት ጠርጥሬ ከሥራ አግጄ ነበር። ልጁ ሳንቲም አልነካም። የሰረቀኝ በገዛ እጄ የሠራሁት ሒሳብ ነው። ያን ጊዜ “ቆይ፣ ማካፈያህን ደግመህ እየው” የሚለኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ይሄን አልጽፍም ነበር።

አራት አውቶቡሶች አሉኝ፣ ሁሉም ባለ 40 ወንበር። መስመሩ 80 ኪሎ ሜትር ነው። እያንዳንዱ አውቶቡስ በወር 25 ቀን ይሠራል፣ በቀን ሁለት ጊዜ ደርሶ ይመለሳል። ሲደመር በወር 200 ደርሶ መልስ፣ 32,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ወጪ መሰብሰቡ አላስቸገረኝም። መኪናው ቢቆምም የሚከፈለውን ለብቻ ጻፍኩ፦ ደመወዝ፣ ኢንሹራንስ፣ ኪራይ፣ የእርጅና ቅናሽ። ሲሄድ የሚበላውን ደግሞ ለብቻ፦ ናፍጣ፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ጥገና። ለስሌት እንዲመች ሳጠጋጋው በወር 1,280,000 ብር መጣ። ለአንድ ኪሎ ሜትር 40 ብር ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 22 ብሩ መኪናው ሲሄድ ብቻ የሚወጣ ነው።

ጉዱ ያለው ቀጥሎ ነው። ለብድር ስሄድ አንድ ባለሙያ ቅጽ ሰጠኝ። በቅጹ መሠረት የተሳፋሪ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ተሳፋሪዎቹ ሁሉ የተጓዙት ርቀት ድምር፣ የሚገኘው የተሸጠው ቲኬት በመስመሩ ርዝመት ሲባዛ ነው። በአንድ ደርሶ መልስ 60 ቲኬት እንሸጣለን፣ 40 ስንሄድ፣ 20 ስንመለስ። 60 በ80 ሲባዛ 4,800፤ በ200 ጉዞ 960,000። ወጪውን ሳካፍለው አንድን ተሳፋሪ አንድ ኪሎ ሜትር ማድረስ 1.33 ብር ያስወጣኛል። የማስከፍለው 1.50 ነው። ባለሙያው “አዋጭ ነው” ብሎ ፈረመ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

በወሩ መጨረሻ ሣጥኑ ውስጥ 1,440,000 ብር ጠበቅኩ። የገባው 1,068,000 ነበር። የጎደለው 372,000! ሦስቱን ረዳቶች አስጠነቀቅኩ፣ አራተኛውን አገድኩ። ከዚያ ሌላውን እጅ ከፍንጅ ልይዝ ደብተር ይዤ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ስንነሳ 40 ሰው፣ ሙሉ። 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ 12 ሰው ወረደ። 60ኛው ላይ ደግሞ 16። የመጨረሻውን 20 ኪሎ ሜትር 12 ሰው ብቻ ይዘን ሄድን። ስንመለስ 10 ሰው ይዘን ተነሳን፣ በመንገድ 6፣ ቀጥሎም 4 ተሳፈሩ፣ ማንም ሳይወርድ ገባን። ሁሉም ለሄደበት ያህል ከፈለ። ረዳቱ ምንም አላጠፋም።

ማታ በየክፍሉ አባዛሁት። ስንሄድ 40 በ30፣ 28 በ30፣ 12 በ20፤ ድምሩ 2,280። ስንመለስ 10 በ20፣ 16 በ30፣ 20 በ30፤ ድምሩ 1,280። ጠቅላላው 3,560 እንጂ 4,800 አይደለም። በወር 712,000። ወጪው ሲካፈልበት 1.80 ብር። በ1.50 ስሸጥ በየወሩ 212,000 ብር እየከሰርኩ ነበር ማለት ነው። እኔን በጣም የሚያናድደኝ የቲኬቱ ጉርድ ላይ መውረጃው ተጽፎ መኖሩ ነው። እኔ ጉርዱን ቆጠርኩት እንጂ አላነበብኩትም።

ባለሙያው ጋ ተመልሼ ሄድኩ። ስህተቱን እንኳን ሳያምን “እንግዲያው የመጨረሻዋን 20 ኪሎ ሜትር ቁረጣት” አለኝ። በወረቀት ልክ ይመስላል፤ እዚያ አንድ የተሳፋሪ ኪሎ ሜትር 3.64 ብር ያስወጣል። እኔ ግን አልቆረጥኩም፣ ማንም እንዲቆርጥ አልመክርም። ብቆርጥ በአንድ ደርሶ መልስ 40 ኪሎ ሜትር አተርፋለሁ፣ በ22 ብር 880። ደመወዙና ኢንሹራንሱ እንዳለ ነው። እዚያ ጫፍ ድረስ የሚሄዱት 12ቱና ከዚያ የሚነሱት 10ሩ ግን ሙሉውን 80 ኪሎ ሜትር የሚከፍሉ ናቸው። ሌላ አውቶቡስ ከያዙ 2,640 ብር ይዘውብኝ ይሄዳሉ። የመመለሻ ጉዞውንም ለብቻው “2.50 ብር ያስወጣል፣ ኪሳራ ነው” የሚል ይኖራል። መኪናው ካልተመለሰ ነገ በምን ይነሳል?

አሁን ረዳቶቹ በየማቆሚያው ስንት ሰው መኪናው ላይ እንዳለ ይጽፋሉ። አንድ ሳምንት በቂ ነው፣ ግን የገበያና የበዓል ቀን ከሌላው ቀን ጋር እንዳይደባለቅ ለየብቻ ይያዝ። ታሪፉን ጨምሬያለሁ፣ ከመመለሻዎቹም አንዱን ሰው ከሥራ ወደሚወጣበት ሰዓት ገፋሁት፤ ያኛው ጉዞ አሁን እስከ 28 ሰው ይይዛል።

ያገድኩትን ልጅ ይቅርታ ጠይቄ መለስኩት። ሰዓቱን እንድገፋው የነገረኝም እሱ ነው። ከመታገዱ በፊትም ነግሮኝ ነበር።