ቫቱን ከወረቀቱ ላይ

ዛሬም ስራዬ የግዢ ደረሰኝ ማስገባት ነበር። የወሩ የቫት ማሳወቂያ ሲቃረብ ሌላ ነገር አይታሰብም። የሻጩ ቲን ነምበር፣ ቀኑ፣ ከቫት በፊት ያለው ዋጋ፣ ቫቱ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ደረሰኝ።

ቢሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምከራከርበት አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ ዋጋውን ብቻ ይጽፉና ቫቱን ለኤክሴል ይተዉታል፤ `=C2*0.15` ካሉ በኋላ ወደ ታች መጎተት ነው። ይፈጥናል፣ አልክድም። ግን እንደዚያ ሲሆን ዋጋው ተሳስቶ ከገባ ቫቱም አብሮ ይሳሳታል፣ ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚስማሙ ደግሞ ማንም አይነቃም። እኔ ቫቱን ከወረቀቱ ላይ አይቼ ነው የምጽፈው። ፎርሙላውን አጠገቡ ባለው አምድ አደርገዋለሁ፣ ሁለቱ ካልገጠሙ ደረሰኙን ከእጄ ሳላስቀምጥ እዚያው አየዋለሁ።

ዛሬ ባልደረባዬ ያስገባችውን ሳመሳክር ይኸው ነገር መጣ። ደረሰኞቹን አስቀድመን በካልኩሌተር ደምረናቸው ነበር፤ የኤክሴሉ የዋጋ ድምር ግን በ900 ብር በለጠ። 900 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ልዩነቱ እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው ሁለት አሃዞች ቦታ መቀያየራቸውን ነው፣ ምክንያቱም ጎን ለጎን ያሉ አሃዞች ሲገለባበጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ሌላ ስህተትም እንደዚያ ሊሆን ይችላል፣ ፍለጋውን ግን ያጠብበዋል። እውነትም 4,500 የነበረው 5,400 ተብሎ ገብቷል። ወረቀቱ ላይ ቫቱ 675 ይላል፣ ኤክሴሉ 810 አውጥቷል። ቫቱ ከወረቀቱ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ገና ያኔ ይታይ ነበር፣ ክምሩን እንደገና መበርበር አያስፈልገንም ነበር።

ድምር የማይነግርህ ደግሞ አለ። ቀን ለምሳሌ። የማሽን ደረሰኝ በፈረንጅ አቆጣጠር ይወጣል፣ በእጅ የተጻፈው ብዙ ጊዜ በእኛ ነው። 05/02/2017 የሚል የእጅ ደረሰኝ ጥቅምት 5 ማለት ነው፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 15 ቀን 2024። እንዳለ ከተገለበጠ ፌብሩዋሪ 2017 ይሆንና ብሩ ልክ ሆኖ ወሩም ዓመቱም ሌላ ይሆናል። ቲን ነምበርም እንዲሁ ነው። በ00 የሚጀምረውን ኤክሴል እንደ ተራ ቁጥር ወስዶ ዜሮዎቹን ይበላቸዋል፣ ስለዚህ አምዱን አስቀድሜ ቴክስት አደርገውና አስር አሃዝ መሆኑን እቆጥራለሁ።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ የደበዘዘ የማሽን ደረሰኝ ነው። ወረቀቱ ሙቀት ስለማይወድ መኪና ውስጥ ከከረመ 3 ይሁን 8 አይለይም። ቫቱ ከተነበበ ለ0.15 አካፍዬ ዋጋውን አገኘዋለሁ። እሱም ካልተነበበ አልገምትም፤ ለብቻው አስቀምጬ ግዢ ክፍል ሻጩ ጋ ደውሎ ከቀሪው እንዲያጣራልኝ እጠይቃለሁ። ዛሬ እንደዚያ ያሉ ደረሰኞች ሳይገቡ አድረዋል።