ከማራገቢያው መንጠቆ የተንጠለጠለው ጎማ

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ላቦራቶሪ ስሠራ፣ የተበላሸ ማራገቢያ ከተነሣበት የጣሪያ መንጠቆ ላይ አንድ የብስክሌት ጎማ በሲባጎ አንጠለጠልን። ሲባጎው የታሰረው በዘንጉ አንድ ጫፍ ብቻ ነበር። ጎማው ካልተሽከረከረ ወዲያው ወደ ታች ይዘነበላል፤ በኃይል አሽከርክረው ዘንጉን አግድም እንደያዙ ቢለቁት ግን ሳይወድቅ በሲባጎው ዙሪያ ቀስ እያለ በጎን ይዞራል።

ያን ቀን መዞር እንደጀመረ የዘንጉ ነጻ ጫፍ ከቁም ሣጥኑ ጠርዝ ጋር ተጋጨና ጎማው ሽክርክሪቱ ሳይበርድ ቁልቁል ወረደ። ጎማውን ከከዚራ ያመጡልን ብስክሌት ጠጋኝ፣ «ኩሽኔታው ነክሶ ነው እንጂ እንዲህ አይወድቅም» አሉ። ጎማውን በእጃቸው ሲያዞሩት ግን ያለ አንዳች ድምፅ ለረጅም ጊዜ ዞረ።

ነገሩን ለመረዳት የጎማውን ጠርዝ መከታተል ያስፈልጋል። ክብደቱ ጎማውን ሊያዘነብል ሲሞክር፣ የላይኛውን የጠርዙን ክፍል ከሲባጎው ያርቀዋል፣ የታችኛውን ደግሞ ወደ ሲባጎው ይገፋዋል። ነገር ግን ከላይ የተገፋው ክፍል ባለበት አይቆይም፤ በላይኛው ግማሽ እያለፈ ግፊቱን ሲያጠራቅም ቆይቶ፣ የመራቅ ፍጥነቱ ከፍተኛ የሚሆነው ሩብ ዙር ተጉዞ ወደ ጎን ሲደርስ ነው። በዚህም የተነሣ አንዱ ጎን ከሲባጎው ሲርቅ ተቃራኒው ይቀርባል፤ ይህም ዘንጉ በጎን ዞረ ማለት ነው። አቅጣጫውንም አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል፦ የጠርዙ ላይኛ ክፍል ወደ እርስዎ የሚሮጥ ከሆነ፣ ጎማው ከእርስዎ እየራቀ ይሄዳል።

ቁም ሣጥኑ ያደረገውም ይኸው ነው፤ የጎን ዙሩን ሲያግድ የእርሱም ግፊት በሩብ ዙር ተዛውሮ ዘንጉን ወደ ታች አወረደው። ሣጥኑን ካነሣን በኋላ ዘንጉን በእርሳስ ወደሚሄድበት አቅጣጫ በቀስታ ስንገፋው፣ በዙሩ ከመፍጠን ይልቅ ጫፉ ወደ ላይ ተነሣ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ሙከራ ነው።

የኩሽኔታ ችግር መልኩ ሌላ ነው። ክብደቱ 2 ኪሎግራም ሆኖ በአብዛኛው ጠርዙ ላይ ያረፈ፣ ራዲየሱ 30 ሳንቲሜትር የሆነና መሐሉ ከሲባጎው 10 ሳንቲሜትር የሚርቅ ጎማ በሰከንድ 4 ጊዜ ቢሽከረከር፣ ሲባጎውን አንድ ጊዜ ለመዞር 14 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ሽክርክሪቱ ወደ 2 ሲወርድ ጊዜው ወደ 7 ሰከንድ ያጥራል፤ ኩሽኔታው የሚይዝ ከሆነ ጎማው ከመውደቁ በፊት በሲባጎው ዙሪያ እየፈጠነና ጫፉን እየነቀነቀ ያስታውቃል እንጂ፣ ሽክርክሪቱ እንደሞቀ በድንገት አይወርድም።